ትራስ ላይ አይቆምም

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋን እርምጃ እፈራት ነበር። ቀልዴን አይደለም። ግራ እግሬ ወለሉን ሲነካ ተረከዜ ውስጥ ሚስማር የተሰካ ይመስለኛል። ግድግዳ ይዤ፣ በእግሬ ጣቶች እየተንጠራራሁ መታጠቢያ ቤት እደርሳለሁ። አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ይለቀኛል። ስለሚለቀኝም እረሳዋለሁ። ሥራ ገብቼ ሦስት ሰዓት ያህል ቆሜ፣ ለሻይ አረፍ ብዬ ልነሳ ስል ያው ሚስማር ቦታው ላይ ነው።

ነርስ ነኝ። ጎንደር፣ ቀዶ ጥገና ዋርድ። ወለላችን ተራዞ ነው፤ ሲወለወል ያበራል፣ ሲቆሙበት ግን ምንም አይሰጥም። ራውንድ፣ መድኃኒት፣ ቁስል ማጠብ፣ ጠያቂ ማስተናገድ፣ እንደገና መድኃኒት። ማታ ቤቴ ስገባ ጫማዬን አውልቄ በር ላይ እጥለዋለሁ፤ አልጋዬ ድረስ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ። ያ ራሱ ጥፋት እንደነበር ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሐኪም አየኝ። አውራ ጣቱን ከተረከዜ ወደ ፊት፣ ወደ ውስጥ ጠርዝ በኩል አድርጎ ሲጫን ጮህኩ። «ፕላንታር ፋሺያይተስ ነው» አለ። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ወፍራም ጅማት አለ። የእግራችንን ቅስት እንደ ቀስት ገመድ ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ማታ ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ያዘነብላል፣ ጅማቱም አጥሮና ደርቆ ያድራል። ጠዋት ስንረግጥ በአንዴ ይለጠጣል። ሚስማሯ እሷ ናት። ራጅ ስነሳ ተረከዜ ላይ ትንሽ አጥንት በቅሎ ታየና ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ሐኪሙ ሳቀ። እንዲህ ያለ አጥንት አብቅለው ምንም የማያማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሕመሙን አጥንቱ አላመጣውም አለኝ። «ጫማሽን ቀይሪ» ብሎም ሸኘኝ።

ቀየርኩ። ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልገኝ ግን አልጠየቅኩም። የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጠንካራ ወለል ያመመው እግር ለስላሳ ነገር ነው የሚፈልገው፣ አይደል? ፒያሳ ወርጄ አንዱን ሱቅ ከሌላው እያወዳደርኩ ካገኘኋቸው ሁሉ ለስላሳውን መረጥኩ። ጣቴን ውስጡ ስጨምር ይሰምጣል። ስቆምበት ደመና ላይ የወጣሁ መሰለኝ። ሻጩ «ሜሞሪ ፎም ነው፣ የእግርሽን ቅርጽ ይይዛል» አለ። የዋጋውን ነገር ተዉት፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

በሦስተኛው ሳምንት ሕመሜ ባሰ።

## የሐምሌ ዝናብና የተዋስኩት ጫማ

የባሰብኝ ሥራ ስለበዛ ነው አልኩ። ከዚያ ዕድሜን ከሰስኩ። ቤቴ ዳገት ላይ ነውና ዳገቱንም ከሰስኩት። ጫማውን ግን አልጠረጠርኩም፤ ገንዘብ የከፈሉበትን ነገር መጠርጠር ይከብዳል።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ስወርድ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። የጎንደርን የሐምሌ ዝናብ ለጎንደር ሰው አላወራም። ዋርድ ስደርስ ደመናዬ ውኃ የጠጣ ስፖንጅ ሆኗል። ስረግጠው ይጮሃል። በባዶ እግር መሥራት አይቻል፣ ቤት መመለስ አይቻል። የክፍላችን ጽዳት ሠራተኛ፣ እትዬ የምንላት እናት፣ አይታኝ ወደ ዕቃ ቤት ገባችና ጥንድ ጫማ ይዛ ወጣች። ጥቁር፣ የቆዳ፣ በክር የሚታሰር፣ ከታች ወፍራም ጎማ ያለው። «ልጄ ጥበቃ የተቀጠረ ጊዜ የተሰጠው ነው፤ ጠበበው። ላንቺ ይሆንሻል፣ አድርጊው ልጄ» አለችኝ።

ሳየው ሳቄ መጣ። ከነጭ ጋውን በታች የዘበኛ ጫማ። ውስጡን በጣቴ ስነካው እንደ ጣውላ ነው። «ዛሬስ ማታ በሸክም ነው የምመለሰው» አልኩ በልቤ።

ቀኑ ሄደ። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሻይ ጠጥቼ ስነሳ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። አራት አልጋ አልፌ፣ የአምስተኛውን ታማሚ ፋሻ እየፈታሁ ነው የገባኝ፤ ስነሳ አላነከስኩም። ፋሻው እጄ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ታማሚው «ምነው ሲስተር፣ ቁስሉ ከፋ?» አለኝ ደንግጦ። «ኧረ ቁስልህ ደህና ነው» አልኩት። «እኔን ነው ግራ የገባኝ።»

ማታ ጭኔና ወገቤ ደክሟል። ውስጥ እግሬ ፊት ለፊቱ ላይ ትንሽ ለብልቧል። ተረከዜ ግን ዝም ብሏል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማሯ አለች፤ ግን ጭንቅላቷ ብቻ የቀረ ሚስማር ሆናለች።

አንድ ቀን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ታማሚዎቼን በየቀኑ «ሕመምህ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» እያልኩ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደብተር አወጣሁ። ሁለት ቀን ለስላሳውን፣ ሁለት ቀን የዘበኛውን፣ እንደገና ሁለት ሁለት ቀን። የምጽፈው የማግስቱን የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ተረከዝ የሚመልሰው የትናንቱን ነውና። ከለስላሳው ማግስት 7፣ 7፣ 6፣ 7። ከዘበኛው ማግስት 5፣ 4፣ 5፣ 4። በስምንት ቀን የተሞላ ደብተር ጥናት አይባልም። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

## ደመናው ሲቀደድ

ቅዳሜ ለስላሳውን ጫማ ይዤ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይሄን ቅደዱልኝ» ስላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ሰው ልስፋ እያለ ይመጣል፣ አንቺ ልቅደድ?» አሉ። በመጨረሻ ከተረከዙ ወደ ታች ለሁለት ሰነጠቁት።

ላዩን ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ ነው። ያ ደመና የመሰለኝ ንጣፍ ጣቶቹ ጋ አሁንም ወፍራም ነው። ተረከዜ የሚያርፍበት ግን እንደ ደረቀ እንጀራ ሳስቷል። ከሱ በታች ያለው መሃለኛው ስፖንጅም በውስጥ በኩል፣ ማለትም ቅስቱ ባለበት ወገን፣ ከውጪው ይበልጥ ተጨምቋል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት ወደ ውስጥ ዘመመ። «በዚህ ነው ቆመሽ የምትውይው?» አሉኝ ጋሼ። «ይሄማ ትራስ ነው። ትራስ ላይ ይተኛል እንጂ አይቆምም።»

ይህን ሳስብበት ቆየሁ። ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው። አንደኛው ልስላሴ ነው፤ ተረከዝ መሬት ሲመታ ምቱን የሚውጥ። ሌላው ድጋፍ ነው፤ እግር ባለበት ቅርጽ እንዲቆይ የሚይዝ። ልስላሴ የሚፈለገው ስንረግጥ ነው፣ ለቅጽበት። ድጋፍ የሚፈለገው ግን ቆመን በምንውልበት ጊዜ ሁሉ ነው። ስፖንጁ ከመጠን በላይ ሲለሰልስ ክብደታችን በዋለበት ወገን ይሰምጣል። የብዙዎቻችን ክብደት ደግሞ ወደ ውስጥ ያደላል። ያኔ ቅስቱ ይዘረጋል፣ ቅስቱን የያዘው ጅማት ይወጠራል፣ ያም ውጥረት የሚያርፈው ተረከዝ ላይ በተያያዘበት ቦታ ነው። ማለትም በየደቂቃው የታመመውን ቦታ እየጎተትኩት ነበር። በምቾት።

ሱቅ ውስጥ ይህ ለምን አይታወቅም? ሱቅ ውስጥ የምንቆመው አምስት ደቂቃ ነው። ስፖንጁ ተጨምቆ መሬቱን እስኪነካ ገና ሰዓታት ይቀሩታል። ሻጩ አልዋሸኝም፤ የእግሬን ቅርጽ ይይዛል ያለው እውነት ነው። የዘመመ ከሆነ የዘመመውንም ይይዛል።

የዘበኛው ጫማ ምን ነበረው? ጋሼ አገላብጠው አዩት። የተረከዙ ጀርባ ሲጫኑት አይታጠፍም። ክር ስላለው እግርን ከላይ አጥብቆ ይይዛል። ተረከዙ ከፊቱ ወደ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ይህቺ ትንሽ ከፍታ የባትን ጡንቻ ታላላለች፣ ባት ሲላላ ደግሞ ከተረከዝ በታች ያለው ጅማትም ይተነፍሳል። ፍጹም ጠፍጣፋው ነጠላ ጫማዬና ባዶ እግሬ ለምን እንደሚያሙኝ ያኔ ገባኝ። ይህ ሁሉ ሆኖ የዘበኛው ጫማ ፍጹም አልነበረም። ልስላሴ የሚባል ነገር የለውም፣ የእግሬ ፊት የለበለበው ለዚያ ነው። ቅስቴ ስርም ባዶ ነበር፤ ጣት ያስገባል።

## ፕላስተር ገንዘብ ከማውጣት ይቀድማል

የቅስት ድጋፍ ይጠቅመኝ እንደሆን ሳላውቅ ሌላ ጫማ ልገዛ አልፈለግኩም። አንዴ ተቃጥያለሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነች ጓደኛዬ አንድ ዘዴ አሳየችኝ፤ እኛ ነርሶች ደግሞ ዕቃው እጃችን ላይ ነው። ፕላስተር። ሰፊው፣ የማይለጠጠው ዓይነት።

እግሬን አጥቤ በደንብ አደረቅሁ። ተቀምጬ እግሬን አላላሁት። የመጀመሪያው ቁራጭ ከትንሿ ጣት ሥር ተነስቶ በእግሬ ውጪ ጎን፣ በተረከዜ ኋላ ዞሮ፣ በውስጥ ጎን እስከ አውራ ጣት ሥር ይመጣል። ተረከዝን ያቀፈ ቀበቶ በሉት። ከዚያ ሦስት አጫጭር ቁራጮች በውስጥ እግር ስር ተሻግረው ይለጠፋሉ፤ ከውጪ ጎን ተጀምረው ወደ ውስጥ፣ ቅስቱን ትንሽ ቀና እያደረጉ። ከላይ በኩል ክፍት ይተዋል፤ ደም መታፈን የለበትም። ጣት ከደነዘዘ ወይም ቆዳ ካሳከከ ወዲያው ይነሳል። የስኳር ሕመም ኖሮት እግሩ የማይሰማው ሰው ይህን በራሱ አይሞክር። ለሱ ተራ ጫማ የፈጠረው ትንሽ መላጥ እንኳ ሳይታወቅ ቁስል ይሆናል፤ ሐኪም ጋ ነው የሚሄደው።

በፕላስተር ታስሬ፣ የዘበኛውን ጫማ አድርጌ አንድ ቀን ዋልኩ። ማግስቱን ደብተሬ ላይ የጻፍኩት 2 ነው። ሁለቴ ነው የረገጥኩት፣ እርግጠኛ ለመሆን።

ፕላስተር በየቀኑ አይለጠፍም፣ ቆዳ ይልጣል። ግን የምፈልገውን ነግሮኛል። ቅስቴ ከስር የሚይዘው ነገር ካገኘ ሕመሜ ይቀንሳል። አሁን ለንጣፍ ገንዘብ ባወጣ አላዝንም። በነገራችን ላይ በእግር ልክ ተለክቶ የሚሠራ ውድ ንጣፍ ለዚህ ሕመም ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው በግልጽ እንደሚበልጥ ጥናቶች አላሳዩም። ስለዚህ እኔ ከሁለቱም የረከሰውን መንገድ ያዝኩ። ጋሼ ጋ ተመለስኩ።

እግሬን ውኃ ነክሬ ደረቅ ካርቶን ላይ ቆምኩ። እርጥቡ ምልክት ቅስቴ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አሳየን። ጋሼ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ላይ ጠንከር ያለውን ስፖንጅ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆረጡ። ከተረከዜ ፊት ይጀምርና ከአውራ ጣት ጉብታ ኋላ ያበቃል። ጉብታው ስር መግባት የለበትም፤ ከገባ አውራ ጣት ሲታጠፍ ይቃወመዋል። በውስጥ ጠርዙ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ነበረው፣ ወደ እግሬ መሃል ሲመጣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ወደ ምንም ይሳሳል። ከዘበኛው ጫማ ውስጥ ንጣፉን አወጡ፣ ከንጣፉ ስር በማስቲሽ ለጠፉት፣ መለሱት። ከላይ ቢለጠፍ ጠርዙ እግር ይቆርጣል።

የመጀመሪያው አልሆነም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጠር የረገጥኩ መሰለኝ፣ በውስጥ ጎን ቆዳዬ ቀላ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንደዚህ ነው የሚሰማው፣ ትለምደዋለህ» ይባላል። ውሸት ነው። ልክ የሆነ ድጋፍ እጅ የሚያሳርፉበት ያህል ነው፤ ሲቆሙ በሙሉ ርዝመቱ እኩል ይነካል፣ አንድ ቦታ ላይ አይገፋም። ጋሼ ወደ 5 ሚሊሜትር አወረዱት። ያኔ ልክ ሆነ። ተረከዝ በሚያርፍበት ላይ ደግሞ ቀጭን ለስላሳ ስፖንጅ ጨመሩልኝ፤ ልስላሴው ምት ባለበት ቦታ ብቻ፣ ጥቂት። መጀመሪያ ቀን ሁለት ሰዓት አደረግሁት፣ ማግስቱን አራት፣ እንዲህ እያልኩ ሳምንት ገደማ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኔ በተሰጠኝ እግር እንዳልሄድ ምን ከለከለኝ።

ጫማ ብቻውን አላዳነኝም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ግራ እግሬን ቀኝ ጉልበቴ ላይ አውጥቼ ጣቶቼን ወደ ላይ እስባለሁ፤ ውስጥ እግሬ እንደ ክራር ክር እስኪወጠር። እስከ አሥር ቆጥሬ እለቃለሁ። አሥር ጊዜ። በቀን ሦስቴ። የመጀመሪያዋ ግን ከመጀመሪያዋ እርምጃ በፊት መሆን አለባት። አልጋዬ ስርም አሁን ጠንከር ያለ ሶል ያለው የቤት ጫማ ይጠብቀኛል።

## ሰልቫጅ ተራ

የዘበኛውን ጫማ ዕድሜ ልክ ማድረግ አልችልም። የራሴን ፍለጋ ሰልቫጅ ተራ ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በኔ ደሞዝ ጥሩ ሶል የሚገኘው እዚያ ነው። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የምሄደው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከሥራ ስወጣ። ቆሞ የዋለ እግር ያብጣል። ሲራመዱ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ ዝም ብለው ሲቆሙ ግን ደሙ ወደ ታች ይጠራቀማል። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠባል። የሥራ ካልሲዬንም አድርጌ ነው የምለካው። በረጅሙ ጣቴ ፊት የአውራ ጣቴ ጥፍር ያህል ክፍተት መኖር አለበት።

ከዚያ የጫማውን ንጣፍ አወጣና መሬት ላይ አድርጌ እቆምበታለሁ። ሻጮቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። እግሬ ከንጣፉ ጠርዝ ውጪ ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው፣ ያለቀለት ጉዳይ ነው። ንጣፉ የማይወጣ ከሆነም እተወዋለሁ፤ ድጋፌን የት ልለጥፈው?

ቀጥሎ እጆቼ ይሠራሉ። የተረከዙን ጀርባ በሁለት ጣት እጨምቃለሁ፤ ከተጣጠፈ አይሆነኝም። ፊቱንና ተረከዙን ይዤ አጥፈዋለሁ፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሃሉ ላይ፣ ማለትም ቅስቱ ስር የሚታጠፍ ከሆነ ጫማው ቅስቴን ሊይዝ አይችልም። በመጨረሻ እንደታጠበ ልብስ እጠመዝዘዋለሁ። ትንሽ ይጠመዘዝ፣ እስከ መጨረሻው ግን አይጠመዘዝ። ያ ደመናዬ እኮ እንደ ነጠላ ነበር የሚጠመዘዘው፤ የገዛሁት ማንም እንዲህ አድርጊ ብሎኝ ስለማያውቅ ነው።

የሰልቫጅ ትልቁ ወጥመድ ግን አዲስ የሚመስለው ነው። መሃለኛው ስፖንጅ በብዛት ከሁለት ነገሮች ይሠራል። አንዱ ኢቪኤ ነው፣ ቀላል፤ ሲለበስ ቀስ በቀስ ይጨመቅና አይመለስም። ጎኑ ላይ የሽብሽብ መስመሮች ካሉ አልቋል ማለት ነው። ሌላው ፖሊዩሬቴን ነው፣ ከበድ ያለና ረጅም ጊዜ የሚያገለግል። ግን እርጥበት ከውስጡ ይበላዋል፤ ሳይለበስ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥ እንኳ። የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጊዜ የሚያበራ ጫማ ገዝታ በሁለተኛው ቀን ሶሉ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ዋርዱ ላይ ረግፏል። አውራ ጣቴን ጎኑ ላይ በጥፍሬ ተጭኜ አየዋለሁ። ከተፈረፈረ ወይም ካጣበቀኝ አመስግኜ እሄዳለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አገኘሁ። ግራጫ፣ በክር የሚታሰር፣ ሲያዩት የማይስብ። ግማሽ ጨረቃዬን ከዘበኛው ጫማ ወደሱ አዛወርኩ።

## እህቴና ጎረቤቴ

ይህን ታሪክ ስተርክ እህቴ ወዲያው ለእኔም ይሠራልኝ አለች። አስተማሪ ናት። ካርቶኑ ላይ ስናቆማት ምልክቷ ሙሉ ነው፤ ውስጥ እግሯ በሙሉ መሬት ይነካል። ደነገጠች። ጠፍጣፋ እግር ግን በራሱ በሽታ አይደለም፤ እሷን ተረከዟን አሟት አያውቅም። የሚያማት የጣቶቿ ሥር ነው፣ ምክንያቱም ፊቱ ጠባብ የሆነ ባለ ታኮ ጫማ አድርጋ ሰሌዳ ላይ ስትንጠራራ ትውላለች። ለሷ ቅስት ብንለጥፍ ሌላ ሕመም እንሸምት ነበር። ፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ ገዛች፣ አለቀ። ያላመመውን ቅስት አለመንካት ነው።

ጎረቤቴ ደግሞ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለው። ሴራሚክ ላይ በነጠላ ጫማ ከጠዋት እስከ ማታ ከባንኮኒ ኋላ። እኔ ስመላለስ እውላለሁ፣ እሱ አንድ ሜትር ቦታ ላይ ነው። እንደሱ ለሚቆም ሰው ልስላሴው ጫማው ውስጥ ባይሆን ይሻላል። ወለሉ ላይ ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ አነጠፈ፤ ምንጣፉ ጠንከር ያለ ነው፣ እግር አይሰምጥበትም። ከባንኮኒው ስር ባዶ የለስላሳ ሳጥን አስቀመጠ፤ አንድ እግሩን ያሳርፍበታል፣ ሲደክመው ይቀይራል። ወገቡ ተሻለው። ነጠላ ጫማውን ግን እስከ ዛሬ አልተወም። ተከራክሬ ደክሞኛል።

ባለፈው ሳምንት የዘበኛውን ጫማ አጥቤ፣ ቀለም ቀብቼ ለእትዬ ልመልስ ወሰድኩ። «ያዥው ልጄ፣ ለኔ ሰፊ ነው» አለች። ያኔ ነው እግሯን ያየሁት። ይህን ሁሉ ወራት ስለ ተረከዜ ሳወራ ስትሰማኝ የከረመችው፣ ከሁላችንም ቀድማ ገብታ ከሁላችንም በኋላ የምትወጣው እሷ፣ እርጥብ ተራዞ ላይ በኮንጎ ጫማ ነው የምትቆመው። «እትዬ፣ ጠዋት ስትነሺ ያምሻል?» አልኳት። «ማንን የማያመው አለ» አለች።

ዕቃ ቤት አስቀምጬ ተረከዟን በአውራ ጣቴ ስጫን እግሯን ነጠቀችኝ። ልክ እኔ እንደጮህኩት። ፕላስተር አመጣሁ። ካርቶኑንም ከጥግ አወጣሁት። ቁጥሯ 36 ነው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሰልቫጅ ተራ አብረን እንሄዳለን፤ ከሰዓት በኋላ፣ እግሯ ሲያብጥ።